የፓራሜትሪክ ኩርባ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ፦ ብዙ ሰው የሚስትበትን ደረጃ በደረጃ

የፓራሜትሪክ ኩርባ የመጀመሪያ ዴሪቬቲቭ ላይ የሚቸገር ተማሪ ብዙም አይገጥመኝም። dy/dt በ dx/dt ይካፈላል፣ አለቀ። ሁለተኛው ላይ ሲደረስ ግን ወረቀቱ ይበላሻል። ለዓመታት ካረምኳቸው ወረቀቶች ያየሁት ስህተት በአብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ የ y ን ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ በ x ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ማካፈል ነው። ሌላኛው፣ ሥራውን በትክክል ጀምሮ የመጨረሻዋን ማካፈል መርሳት ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነዚህ ሁለቱ ነው።

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦

x = t² + 2t
y = t³ − 3t

የሚፈለገው d²y/dx² ነው። እስክሪብቶ ያዙና አብራችሁ ሥሩ፤ በዓይን ብቻ የተነበበ ዴሪቬቲቭ ፈተና ላይ አይገኝም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

ምልክታችሁን ወስኑ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጭረት ያለበት ፊደል ሁሉ፣ ማለትም x' እና y'፣ በ t የተወሰደ ዴሪቬቲቭ ነው። በ x የተወሰደውን ሁልጊዜ dy/dx ብላችሁ ጻፉ። አንዱን ጭረት አንዴ ለ t፣ አንዴ ለ x የሚጠቀም ሰው ሦስተኛው መስመር ላይ ራሱን ያጣል።

ለ dy/dx አጭር ስም ስጡት። እኔ m እለዋለሁ፣ የታንጀንቱ ስሎፕ ስለሆነ። ይህች ትንሽ ነገር ግማሹን ስህተት ታስቀራለች። ምክንያቱን ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ከወረቀቱ ቀኝ ጥግ ላይ ባዶ ሣጥን ሥሩ። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው x' ብቻ ነው። ሥራው እስኪያልቅ ሁለት ጊዜ እናካፍልበታለን። ሁለተኛውን ጊዜ የሚያስታውሳችሁ ይህ ሣጥን ነው።

t ን ለማስወገድ አትቸኩሉ። t ን በ x ገልጾ y ውስጥ መክተት የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ መልስ ለማረጋገጥም ይጠቅማል። እንደ ዋና መንገድ ከያዛችሁት ግን የካሬ ሥር ምልክት፣ መደመርና መቀነስ እያስገባ ያስቸግራችኋል።

## መጀመሪያ የተሳሳተውን መንገድ እንዝጋ

y''/x'' ለምን እንደማይሠራ አንድ ቀጥተኛ መስመር ይነግረናል። እነዚህን ውሰዱ፦

x = t²
y = 3t²

y የ x ሦስት እጥፍ ነው፤ ማለትም ኩርባው y = 3x የሚባል ቀጥ ያለ መስመር ላይ ነው ያለው። የቀጥተኛ መስመር ስሎፕ አይለወጥም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ዴሪቬቲቩ 0 መሆን አለበት። አሁን y'' ን በ x'' አካፍሉ፦ 6/2 = 3። መስመሩ ጎበጠ ማለት ነው? አልጎበጠም። ዘዴው ነው የተበላሸው።

አሳሳቹ አጻጻፉ ነው። d²y/dx² ሲታይ ከላይ «የ y ሁለተኛ»፣ ከታች «የ x ሁለተኛ» የተጻፈ ይመስላል። ልብ በሉ፦ ከላይ ያለችው 2 ከ d ጋር ናት፣ ከታች ያለችው ግን ከ dx በኋላ ናት። ከታች ያለው dx ስኩዌር ነው እንጂ የ x ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ አይደለም። ትርጉሙ «በ x ዲፈረንሼት የተደረገውን እንደገና በ x ዲፈረንሼት አድርግ» ነው።

## ደረጃ 1፦ x ን እና y ን ለየብቻ በ t ዲፈረንሼት አድርጉ

x' = 2t + 2
y' = 3t² − 3

አሁን 2t + 2 ን ሣጥኑ ውስጥ ጻፉ። ሁለቱንም ፋክተር አድርጋችሁ ከጎን አስቀምጡ፦

x' = 2(t + 1)
y' = 3(t − 1)(t + 1)

ወዲያውኑ x' ዜሮ የሚሆንበትን t ፈልጉና ከሣጥኑ ሥር ጻፉት። እዚህ t = −1 ነው። ይህ ነጥብ በኋላ ለብቻው ይታያል፤ አሁን ካልጻፋችሁት ግን ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይጠፋችኋል።

## ደረጃ 2፦ m ን አውጡና አቅልሉ

m = y'/x' = 3(t − 1)(t + 1) / 2(t + 1) = 3(t − 1)/2

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ።

አንደኛ፣ ማቅለሉን ለነገ አታሳድሩት። ሳታቀልሉ ወደ ደረጃ 3 ከሄዳችሁ (3t² − 3)/(2t + 2) ን በኮሼንት ሩል ልትሠሩት ነው። መልሱ አይለወጥም፣ ግን አንድ መስመር የነበረው አምስት መስመር ይሆናል፤ በአምስት መስመር ውስጥ ደግሞ የመቀነስ ምልክት የምትጠፋበት ቦታ ብዙ ነው።

ሁለተኛ፣ t + 1 ከላይም ከታችም ሲጣፋ t = −1 አብሮ ነፃ የወጣ ይመስላል። አልወጣም። 3(t − 1)/2 ውስጥ t = −1 ን ብትተኩ −3 ይሰጣችኋል፤ ዋናው ክፍልፋይ ግን እዚያ 0/0 ነበር። ከ m ጎን «t ≠ −1» ብላችሁ ጻፉ።

## ደረጃ 3፦ m ን በ t ዲፈረንሼት አድርጉ

dm/dt = 3/2

በምሳሌያችን ቀላል ሆነ። m ክፍልፋይ ሆኖ ከቀረ ግን ኮሼንት ሩል ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጨረሻ ላይ አለ።

እዚህ ላይ ያቆመ ተማሪ «ሁለተኛ ዴሪቬቲቩ 3/2 ነው» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። ሁለት ጊዜ ዲፈረንሼት አድርጓል፣ ስለዚህ የጨረሰ ይመስለዋል። ወደ ቀኝ ጥግ ተመልከቱ። ሣጥኑ እስካሁን ያገለገለው አንዴ ብቻ ነው።

## ደረጃ 4፦ በሣጥኑ እንደገና አካፍሉ

d²y/dx² = (dm/dt) / x' = (3/2) / 2(t + 1) = 3 / 4(t + 1)

መልሱ ይህ ነው። ግን ይህን ደረጃ በቃል ከመያዝ ምክንያቱን መያዝ ይሻላል።

m የሚለውን ስም የሰጠነው ለዚህ ነው። dy/dx ማለት «y በ x ዲፈረንሼት ሲደረግ» ነው፤ በፓራሜትር ስንሠራው y'/x' ሆነ። አሁን የምንፈልገው dm/dx ነው፣ «m በ x ዲፈረንሼት ሲደረግ»። y በነበረበት m ገባ እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር የለም። ስለዚህ መልሱ m'/x' ነው። ያው ቼይን ሩል ነው፣ ያው ማካፈል ነው። አዲስ ቀመር የለም፤ የድሮው ቀመር ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራ ነው።

ማካፈሉ ምን እንደሚያስተካክል በመኪና እንየው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሁለት መኪኖች ይወጣሉ እንበል፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ሌላው እንጨት ጭኖ ያዘግማል። መንገዱ እየከረረ በሚሄድበት ቦታ ላይ ሁለቱንም «ዳገቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ከረረባችሁ?» ብትሏቸው የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ፈጣኑ በአንድ ደቂቃ ብዙ መንገድ ስለጨረሰ ብዙ ለውጥ ይነግራችኋል። «በመቶ ሜትር ውስጥ ምን ያህል ከረረ?» ካላችኋቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፤ መንገዱ አንድ ነውና። dm/dt የደቂቃው መልስ ነው። t የሹፌሩ ሰዓት ነው። ኩርባው ስለሹፌሩ ምንም አያውቅም፤ በ x' ስናካፍል የሹፌሩን ፍጥነት ከመልሱ እናወጣለን።

## ደረጃ 5፦ ነጥብ ከተሰጣችሁ መጀመሪያ t ን ፈልጉ

መልሳችን በ t ነው የተጻፈው። ጥያቄው ግን አንዳንዴ «(0, −2) ላይ አስላ» ይላል። እዚህ ላይ 0 ን በ t ቦታ የሚተካ አለ። 0 የ x ዋጋ ነው፣ የ t አይደለም።

በትክክል ሲሠራ፦ x = 0 ከሆነ t² + 2t = 0 ነው፤ ስለዚህ t = 0 ወይም t = −2። ሁለት መልስ መጣ፣ ታዲያ የቱ ነው? y ን ጠይቁት። t = 0 ሲሆን y = 0 ነው። t = −2 ሲሆን y = −8 + 6 = −2 ነው። የተሰጠን ነጥብ (0, −2) ስለሆነ t = −2 ነው።

d²y/dx² = 3 / 4(−2 + 1) = −3/4

በ t = 0፣ ማለትም (0, 0) ላይ ቢሆን ኖሮ መልሱ 3/4 ነበር። x አንድ ሆኖ ሁለቱ ነጥቦች ተቃራኒ ምልክት አላቸው። ስለዚህ y ን ሳያዩ t ን መምረጥ እዚህ ላይ ሙሉ መልሱን ይገለብጠዋል።

## ደረጃ 6፦ ምልክቱን አንብቡ

መልሱ ፖዘቲቭ ከሆነ ኩርባው በዚያ ቦታ ወደ ላይ የተከፈተ ነው፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን። ኔጋቲቭ ከሆነ ወደ ታች የተከፈተ ነው፣ እንደተደፋ ሳህን። በምሳሌያችን፦

- t > −1 ሲሆን 3 / 4(t + 1) ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ላይ ይከፈታል።
- t < −1 ሲሆን ኔጋቲቭ ነው፤ ወደ ታች ይከፈታል።

dm/dt ግን በሁሉም ቦታ 3/2 ነበር፣ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ። በዚያ ያቆመ ሰው ኩርባው በሙሉ ወደ ላይ የተከፈተ ነው ብሎ ይጽፋል፤ ግማሹን ሳተ። t ከ −1 በታች ሲሆን x' ኔጋቲቭ ነው፣ ማለትም t ሲጨምር ነጥቡ ወደ ግራ ይጓዛል። ወደ ግራ እየተጓዘ ስሎፑ የሚጨምር ኩርባ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ ስሎፑ እየቀነሰ ነው። የቁጥሩን መጠን ብቻ ሳይሆን ምልክቱንም የሚያስተካክለው ያ የመጨረሻው ማካፈል ነው።

## ደረጃ 7፦ በካልኩሌተር አረጋግጡ

ይህን ደረጃ የሚዘለው ብዙ ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ የትኛውን ስህተት እንደሠራችሁም ይነግራችኋል። t = 1 ላይ እንሞክር። ቀመራችን 3/8 ይላል፣ ማለትም 0.375።

1. t = 1 ላይ x = 3፣ m = 0 ነው።
2. t ን ትንሽ ግፉት፦ t = 1.01። x = 1.0201 + 2.02 = 3.0401፣ m = 3(0.01)/2 = 0.015።
3. የ m ን ለውጥ በ x ለውጥ አካፍሉ፦ 0.015 / 0.0401 = 0.374 ገደማ።

ከ 0.375 ጋር ተቀራረበ፤ መልሱ ልክ ነው። በትክክል እኩል አይሆንም፣ ምክንያቱም ርምጃችን ትንሽ ቢሆንም ዜሮ አይደለም።

አሁን የተሳሳቱትን አወዳድሩ። y''/x'' = 6t/2 = 3t ስለሆነ t = 1 ላይ 3 ይሰጣል፤ ከ 0.374 ጋር አይተዋወቁም። ማካፈሉን የረሳው ደግሞ 1.5 አለው። 1.5 ከየት እንደሚመጣ ተመልከቱ፦ 0.015 ን በ x ለውጥ ሳይሆን በ t ለውጥ፣ በ 0.01፣ ብታካፍሉት የሚመጣው እሱ ነው። የደቂቃው መልስ መሆኑ ነው።

ጊዜ ካላችሁ t ን አስወግዳችሁም ማየት ትችላላችሁ። x + 1 = (t + 1)² ስለሆነ፣ t > −1 ላለው ክፍል t + 1 = √(x + 1) ነው። y ውስጥ ስትተኩት፦

y = (x + 1)^(3/2) − 3(x + 1) + 2

በ x ሁለት ጊዜ ዲፈረንሼት ብታደርጉት 3 / 4√(x + 1) ይመጣል። √(x + 1) ን ወደ t + 1 መልሱት፤ ያው መልሳችን ነው።

## x' = 0 የሆነበት ነጥብ ላይ ምን ይደረግ?

ከሣጥኑ ሥር የጻፋችሁት t = −1 ተራው ደረሰ። እዚህ ላይ ሁለት ሁኔታ ለዩ።

x' = 0፣ y' ግን ዜሮ ያልሆነ። ታንጀንቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ m የለም፣ ሁለተኛ ዴሪቬቲቭም የለም። «የለም» ብላችሁ ጻፉና እለፉ።

ሁለቱም ዜሮ። የእኛ ምሳሌ ይህ ነው። ቸኩላችሁ አትፍረዱ፤ m ወዴት እንደሚሄድ በሊሚት እዩ። t ወደ −1 ሲቀርብ m ወደ −3 ይቀርባል፣ ከሁለቱም ወገን። ስለዚህ ኩርባው (−1, 2) ላይ ሲደርስ ስሎፑ −3 ወደሆነ ታንጀንት ይጠጋል። ሁለተኛ ዴሪቬቲቩ ግን አያርፍም፦ t ከ −1 በላይ ሆኖ ሲቀርብ 3 / 4(t + 1) ያለ ገደብ ያድጋል፣ ከታች ሆኖ ሲቀርብ ያለ ገደብ ወደ ኔጋቲቭ ይወርዳል።

በሥዕል ሲታይ ነጥቡ ሹል ጫፍ ነው። ኩርባው ከቀኝ ይመጣል፣ x = −1 ላይ ይደርሳል፣ ተመልሶ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የመጣበት ክንፍ ወደ ታች የተከፈተ ነው፣ የሚመለስበት ወደ ላይ። የምልክቱ ለውጥ ስላለ ብቻ «ኢንፍሌክሽን ነጥብ ነው» ብላችሁ እንዳትጽፉ። ኢንፍሌክሽን ላይ ኩርባው ጉዞውን ወደዚያው አቅጣጫ ይቀጥላል፤ እዚህ ግን ወደ ኋላ ዞሯል። ይህን የምታውቁት x' ምልክቱን ስለቀየረ ነው።

## አንድ ላይ የተጠቀለለው ቀመር

ደረጃ 2 እስከ 4 በአንድ መስመር ሲጠቀለል ይህን ይመስላል፦

d²y/dx² = (x'y'' − y'x'') / (x')³

t = 1 ላይ እንሞክረው። x' = 4፣ y' = 0፣ x'' = 2፣ y'' = 6። ከላይ 4·6 − 0·2 = 24፣ ከታች 4³ = 64። 24/64 = 3/8። ተስማማ።

አንድ ነጥብ ላይ ቁጥር ብቻ ሲፈለግ ይህ ቀመር ፈጣን ነው፤ ምንም ሳታቀልሉ አራት ቁጥር ተክታችሁ ትጨርሳላችሁ። በ t የተገለጸ መልስ ሲፈለግ ግን በደረጃ መሄድን እመርጣለሁ፣ ቀመሩ ያልቀለለ ትልቅ ክፍልፋይ ነው የሚሰጣችሁና።

ቀመሩን በቃላቸው የሚይዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ከታች ያለው ኪዩብ ላይ ነው፤ ስኩዌር አድርገው ይጽፉታል። ከየት እንደመጣ ካወቃችሁ አትረሱትም፦ ስኩዌሩን ኮሼንት ሩል አመጣው፣ ሦስተኛውን ደግሞ የሣጥኑ ሁለተኛ ማካፈል ጨመረው። ስኩዌር የጻፈ ሰው ያው የመጨረሻዋን ማካፈል የረሳ ሰው ነው፤ 24/16 = 3/2፣ የቅድሙ ስህተት በሌላ ልብስ።

## ሳይንና ኮሳይን ሲመጡ

ዘዴው አይለወጥም፤ የሚያሰናክለው ምልክት ነው። ይህን ኤሊፕስ ውሰዱ፦

x = 5 cos t
y = 3 sin t

1. x' = −5 sin t (ወደ ሣጥኑ፣ ከነመቀነሱ)፤ y' = 3 cos t።
2. m = −(3/5) · (cos t / sin t)።
3. cos t / sin t ዲፈረንሼት ሲደረግ −1/sin² t ነው። መቀነስ በመቀነስ ሲባዛ፦ dm/dt = 3 / (5 sin² t)።
4. በ −5 sin t አካፍሉ፦ d²y/dx² = −3 / (25 sin³ t)።

የምልክት ስህተት መኖሩን ለማወቅ ሥዕሉን ተጠቀሙ። t = π/2 ላይ ነጥቡ (0, 3) ነው፣ የኤሊፕሱ አናት። አናት ላይ ኩርባው የተደፋ ሳህን ነው፣ ስለዚህ ኔጋቲቭ መምጣት አለበት። መልሳችን −3/25፤ ልክ ነው። 3/25 ከመጣላችሁ አንድ ቦታ መቀነስ ጠፍቷል፤ መጀመሪያ የመጨረሻዋን ማካፈል፣ ቀጥሎ የ cos t / sin t ን ዴሪቬቲቭ እዩ።

ይህ ኤሊፕስ ሌላም ማጣሪያ ይሰጠናል። 5 እና 3 ሴንቲሜትር ናቸው እንበል። ስሎፕ ሴንቲሜትር በሴንቲሜትር ስለሆነ መለኪያ የለውም። ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ግን ስሎፕ በሴንቲሜትር ሲካፈል ነው፤ ስለዚህ «አንድ በሴንቲሜትር» መሆን አለበት። መልሳችን ላይ ከላይ 3 ሴንቲሜትር፣ ከታች 25 ስኩዌር ሴንቲሜትር፤ ተስማማ። y''/x'' ግን ሴንቲሜትር በሴንቲሜትር ነው፣ መለኪያው ይጣፋል። ቁጥሩን እንኳ ሳያሰሉ ሐሰት መሆኑ ይታወቃል።

ደረጃ 7 ላይ ያለውን ማረጋገጫ በሳይንና ኮሳይን ስትሠሩ ካልኩሌተራችሁ ራዲያን ላይ መሆኑን እዩ። ዲግሪ ላይ ከሆነ ትክክለኛውን መልስ ስህተት ያስመስልባችኋል።

## ሦስተኛ ዴሪቬቲቭ ቢጠየቅስ?

ያንኑ አሠራር ድገሙ፦ ያገኛችሁትን በ t ዲፈረንሼት አድርጉ፣ በሣጥኑ አካፍሉ። ለመጀመሪያው ምሳሌያችን 3 / 4(t + 1) ዲፈረንሼት ሲደረግ −3 / 4(t + 1)² ነው፤ በ 2(t + 1) ሲካፈል −3 / 8(t + 1)³ ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ዲፈረንሼት፣ አንድ ማካፈል።

## ራሳችሁ ሥሩት

x = t³ + t
y = t²

t = 1 ላይ d²y/dx² ስንት ነው? ከዚህ በታች ያለውን ከማንበባችሁ በፊት ጨርሱት። m እዚህ ላይ አይቀልም፣ ስለዚህ ኮሼንት ሩል ትፈልጋላችሁ።

ያገኛችሁትን ከእነዚህ ጋር አስተያዩ፦

- 1/3 ከሆነ፣ y'' ን በ x'' አካፍላችኋል። ወደ ቀጥተኛው መስመር ተመለሱ።
- −1/4 ከሆነ፣ ሥራችሁ እስከ ደረጃ 3 ንጹሕ ነው፤ ሣጥኑን ሁለተኛ አልነካችሁትም።
- 1/16 ከሆነ፣ ኮሼንት ሩል ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችኋል። መጀመሪያ የሚመጣው ከላይ ያለው ዲፈረንሼት ተደርጎ ከታች ባለው የተባዛው ነው፣ ከእሱ ነው የሚቀነሰው።
- −1/16 ከሆነ፣ አግኝታችሁታል። በ t ሲገለጽ (2 − 6t²) / (3t² + 1)³ ነው። x' = 3t² + 1 መቼም ዜሮ ስለማይሆን እዚህ ኩርባ ላይ የሚያሰጋ ነጥብ የለም፤ t = 1/√3 እና t = −1/√3 ላይ ምልክቱ ሲለወጥ የምታዩት እውነተኛ ኢንፍሌክሽን ነው።